ደንበኛዋ «ተመስገን ነው» ካሉ በኋላ

ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ታሪክ ጽፈው ማውጣት ይወዳሉ። በየቢሮው ኬዝ ስተዲ ይባላል። አንድ ደንበኛ ምን ቸግሮት እንደነበር፣ ምን እንዳደረገና ምን ለውጥ እንዳገኘ የሚተርክ፣ ከአንድ ገጽ ብዙም የማያልፍ ጽሑፍ ነው። የሚያነበው ሰው ያው ችግር ያለበት ነጋዴ ወይም ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ብሩን ከማውጣቱ በፊት «እንደ እኔ ላለ ሰው በእርግጥ ጠቅሟል ወይ?» የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። ከሚወጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ ግን ይህን አይነግሩትም። «ቀድሞ ሥራችን አድካሚ ነበር፤ አሁን እጅግ ቀሎልናል፤ ድርጅቱን ከልብ እናመሰግናለን» ብለው ያበቃሉ። ምን ነበር የሚያደክመው? በወር ስንት ጊዜ? ቀለለ ሲባል ከምን ወደ ምን? አንባቢው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ገብቶ እነዚህኑ ይዞ ይወጣል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ብዕር ከመነሳቱ በፊት፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። ደንበኛው ያልተናገረውን ችግርና ያልቆጠረውን ውጤት የትኛውም ጥሩ ጸሐፊ ከወረቀት ላይ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰዎቹንም ቁጥሮቹንም ለማሳያ ያበጀኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያጋጥሙት ነገሮች ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ኬክ ቤት የልደትና የሠርግ ኬክ በትእዛዝ ይሠራል እንበል። ትእዛዝ በስልክም በአካልም ይመጣል፤ ካሸሯ ባንኮኒው ላይ ባለ ደብተር ትጽፈዋለች፤ ከዚያም በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ትልካለች። በ2017 የካቲት መጀመሪያ ላይ ባለቤቷ ከአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የትእዛዝ መመዝገቢያ መተግበሪያ ገዙ። ካሸሯ ታብሌት ላይ ስትመዘግብ ማብሰያ ክፍል ያለው ስክሪን ላይ ወዲያው ይወጣል። ሰኔ ላይ ደግሞ የሶፍትዌር ድርጅቱ ጸሐፊውን የደንበኛዋን ታሪክ ጽፈህ አምጣ ብሎ ላከው።

ጸሐፊው «መተግበሪያችንን እንዴት አገኙት?» ብሎ ቢጀምር የሚያገኘው መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ተመስገን ነው፣ አሪፍ ነው፣ በጣም ረድቶናል።» ሴትየዋ አልዋሹም። ነገር ግን ሻጩ የላከው ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በዚያ ላይ የድሮውን ችግር መዘርዘር ሠራተኛን ማማት ይሆንባቸዋል፤ ካሸሯ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ እየሰማች ነው። የገበያ ቁጥር መናገርም ሌላ ጣጣ አለው፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ግብር ሰብሳቢ ይሰማል። አስተያየት የሚጠይቅ ጥያቄ እነዚህን ሁሉ ሥጋቶች በአንድ ላይ ይቀሰቅሳል፤ ምላሹም ምስጋና ብቻ ይሆናል።

ከዚህ መውጫው የታወቀ ነው። ጆን ፍላናጋን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ጋር ሲሠሩ፣ ሰዎችን ስለ አንድ ሥራ አጠቃላይ አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን አንድ የተወሰነ ክስተት እንዲናገሩ መጠየቅ እጅግ የተሻለ መረጃ እንደሚያስገኝ አሳዩ። ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተውታል። መቼ ነበር፣ ምን ተከሰተ፣ ማን ምን አደረገ፣ በምን አለቀ የሚል ነው። ሰው ስለ አንድ ቀን ሲጠየቅ ማሞገስም ማማትም አይመጣበትም፤ የሆነውን ያወራል።

እናም የእኛ ጸሐፊ ባለቤቷን ከባንኮኒው ራቅ ብለው ጥግ ካለው ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፅ ለመቅዳት ያስፈቅዳል፤ ተጽፎ ሳያዩት እንደማይወጣም ይነግራቸዋል። ከዚያ «በደብተር ትጽፉ በነበረ ጊዜ፣ ከሁሉ ያናደደዎትን አንድ ቀን ያስታውሳሉ?» ይላል።

«እንዴት እረሳዋለሁ፣ ልጄ» ይላሉ። «ጥር ላይ ነው፤ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። አንዲት እናት የልጇን የልደት ኬክ ልትወስድ መጣች። የለም። ደብተሩን ብናይ ለሚመጣው ቅዳሜ ተብሎ ነው የተጻፈው። እንግዶቹ ቤት ቁጭ ብለዋል ትላለች፤ ዕንባዋ መጣ። ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ኬክ አነሳሁ፣ ስሙን አስፍቄ የልጇን ስም አስጻፍኩበት፣ ብርም አልተቀበልኩም። ያኛው ሰው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ሠራተኞቹ ምሳ ሳይበሉ ሌላ ጋገሩ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አለ። ማን ላይ እንደደረሰ ታውቋል፤ ከምን እንደመጣ ታውቋል፤ ያስከፈለው ዋጋም በነፃ በሄደ ኬክ፣ በባከነ ጉልበትና በደንበኛ ዕንባ ተነግሯል። ጸሐፊው «የትእዛዝ አያያዝ ችግር ነበረባቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልገውም። የሚቀረው ያ ቅዳሜ ብቸኛው ክፉ ቀን ነበር ወይስ ከብዙዎቹ አንዱ የሚለው ነው። ለዚህ ትዝታ አይበቃም። ሰው ያናደደውን ቀን አጋኖ፣ የለመደውን ስህተት ደግሞ አሳንሶ ያስታውሳል።

የሚቀጥለው ጥያቄ ስለዚህ በጣም ቀላል ነው፦ «ደብተሩ አለ?»

አለ። ከመሳቢያ ውስጥ ይወጣል፤ ጠርዙ በክሬም ወዝቷል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስልክ ቁጥር፣ «2 ኪሎ፣ ሮዝ፣ ቅዳሜ 10 ሰዓት» የመሰለ ማስታወሻና የተቀበሉት ቀብድ አለ። አንዳንዱ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ በቀይ «ድጋሚ» ወይም «ተመልሷል» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው ኬኩ እንደገና ተሠርቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡ ለደንበኛው ተመልሷል ማለት ነው። ካሸሯ ለራሷ ሒሳብ ስትል የጻፈቻቸው ሁለት ቃላት ለጸሐፊው ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ማስረጃ ናቸው። ከባለቤቷ ጋር ሆነው የጥርን ወር ገጾች ይቆጥራሉ፦ 120 ትእዛዝ፣ 11 ስህተት። ታብሌቱ ደግሞ ከየካቲት ወዲህ ያለውን ሁሉ ይዟል፤ ካሸሯም እንደ ልማዷ ስህተት ሲኖር ማስታወሻው ላይ «ድጋሚ» ትጽፋለች። መጋቢት ላይ 60 ትእዛዝ፣ 5 ስህተት።

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ይነሳል። ስህተት ከ11 ወደ 5፣ ከግማሽ በላይ ቀነሰ! ርዕሱ ተገኘ ይላል። ቆም ብሎ ላየው ግን መጋቢት 2017 ከዳር እስከ ዳር ሁዳዴ ነበር፤ ጾሙ የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነው። ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክ የሚያዝ ሰው ይቀንሳል፣ ሠርግም የለም። ጥር ደግሞ የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው። ስህተቱ የቀነሰው ትእዛዙ ራሱ በግማሽ ስለቀነሰ ነው። ከመቶ አስልተን ብናየው ጥር ላይ ከ100 ትእዛዝ 9 ያህሉ ይበላሽ ነበር፤ መጋቢት ላይ ከ100 ወደ 8 ገደማ። መተግበሪያው ተገዝቶ ወር ከቆየ በኋላ ምንም የሚባል ለውጥ አልመጣም ማለት ነው።

በአገራችን የሚጻፉ የደንበኛ ታሪኮች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሥጋ፣ ወተት፣ ኬክ፣ ልብስ፣ ትራንስፖርት፣ የሆቴል አልጋ ሁሉ በጾምና በበዓል፣ በክረምትና በበጋ ይወጣል ይወርዳል። ከሁዳዴ ወደ ዳግማይ ትንሣኤ የተሻገረ የሥጋ ቤት ሽያጭ ማንም ሳይነካው ያድጋል፤ በዚያው ሰሞን አዲስ ሚዛን የሸጠለት ሰው ዕድገቱን የሚዛኑ ውጤት ነው ብሎ ቢጽፍ ማንንም አያሳምንም። የብር ቁጥርም እንደዚሁ ያሳስታል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ብዙ ነገር ተወድዷል፤ «ሽያጫችን በብር ይህን ያህል አደገ» የሚል ታሪክ ዋጋ ከመጨመሩ በስተቀር ምንም የማይናገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብርን ትቶ በኬክ፣ በኪሎ፣ በሰዓት ወይም በስህተት መቁጠር፣ ቁጥሩንም ከጠቅላላው ሥራ ጋር አነጻጽሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ይህ ለባለቤቷም ይመቻቸዋል፤ ገቢያቸውን ሳይናገሩ እውነቱን መናገር ይችላሉ።

የእኛ ጸሐፊ መጋቢትን ትቶ ግንቦትን ያያል። ፋሲካ አልፏል፣ ሠርግ ተመልሷል፣ ትእዛዙ 130 ነው። ስህተቱ 4፣ ከ100 ትእዛዝ 3 ያህል። አሁን ጥርና ግንቦት በሥራ ብዛት ስለሚቀራረቡ ሊነጻጸሩ ይችላሉ። ለውጥ መጥቷል። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ መተግበሪያው የገባው የካቲት ላይ ሆኖ ለውጡ ግንቦት ላይ የታየው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የሚፈራ ጸሐፊ አለ፤ የላከውን ድርጅት የሚያስከፋ መልስ ሊመጣ ይችላል ብሎ። እኔ ግን የታሪኩ ልብ ያለው እዚሁ ነው እላለሁ። «መጋቢት ላይ የተበላሹት አምስቱ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቷ ታብሌቱን ገልጠው አንድ በአንድ ያያሉ። አራቱ መጀመሪያ ደብተር ላይ ተጽፈው፣ በኋላ ወደ ታብሌቱ ሲገለበጡ የተሳሳቱ ወይም የተረሱ ናቸው። ካሸሯ ሰው ሲበዛባት ለእጇ የቀረበውን ደብተር ትይዝ ነበር። ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን እየሄደ ነው ማለት ነው፤ የመገልበጡ ሥራም እንደ ድሮው አለ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ለፋሲካ ትእዛዝ ሊጎርፍ ሲል ፈራሁ» ይላሉ። «ደብተሩን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ለልጅቷም፣ ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን መልሰሽ አንብቢላቸው፣ ቅዳሜ ብቻ አትበይ፣ ቁጥሩን ጨምሪ፣ ሚያዝያ ስንት እንደሆነ ተናገሪ አልኳት። አሁን ቀኑ ካልተሞላ ማሽኑም አያሳልፋትም።»

የተደረገው ነገር ማለት ይህ ነው። ሻጩ ድርጅት «መተግበሪያችንን ተከሉ፣ ችግራቸውም ተፈታ» ብሎ ሊጽፈው የሚፈልገው ቦታ ላይ የሆነው ሌላ ነው። መተግበሪያው ትእዛዙን ሳይገለበጥ ማብሰያ ክፍል አደረሰ፣ ቀን ያልተሞላበትንም አላሳልፍ አለ። ይህ የእሱ ድርሻ ነው። ደብተሩን ያነሱትና ቀኑ ተመልሶ ይነበብ ያሉት ግን ባለቤቷ ናቸው። ሁለቱም ሲጻፉ ለሻጩ ራሱ ይበጀዋል። ታሪኩን አንብቦ መተግበሪያውን የሚገዛ ሌላ ኬክ ቤት ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ትቶ እንዳይቀጥል፣ ከሁለት ወር በኋላም «አይሠራም» ብሎ እንዳይመልሰው የሚያደርገው ይህቺ ዝርዝር ናት።

ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የተቀዳው ድምፅ ቃል በቃል ይገለበጣል፤ አርባ ደቂቃ ያወራ ሰው ብዙ ገጽ ይወጣዋል። ሰው ሲያወራ ደግሞ በቅደም ተከተል አያወራም፤ ከውጤቱ ይጀምራል፣ ወደ ችግሩ ይመለሳል፣ መሃል ላይ ስለ ስኳር ዋጋ ያነሳል። ጸሐፊው ወረቀቱን በሦስት ቀለም ያሰምራል፤ ችግሩን በአንድ፣ የተደረገውን በሌላ፣ ውጤቱን በሦስተኛ። ያልተሰመረው ብዙ ነው፤ ይቀራል። ከሦስቱ ቀለሞች አንዱ ገጹ ላይ ሳስቶ ከታየ የጎደለው ነገር እዚያ ነው፤ ልብ ወለድ ከመጨመር ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳው መካከለኛው ነው። ሰው የተቸገረበትንና የተደሰተበትን ያስታውሳል፤ በመሃል ማን ምን እንዳደረገ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም።

የባለቤቷ ንግግር ሲጠቀስ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ማሳመር አይቻልም። «ደብተሩን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት» ያሉትን «ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል አሠራር ተሸጋገርን» ብሎ መለወጥ ያልተናገሩትን በአፋቸው ማስገባት ነው። አንባቢም ወዲያው ያውቀዋል፤ ኬክ ቤት ያለው ሰው እንዲያ አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው ጽሑፍ አጭር ነው። ፍሬው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጥር ላይ ከሚመጣላቸው 100 ትእዛዝ 9 ያህሉ እንደገና ይሠራ ወይም ገንዘቡ ይመለስ ነበር። ትእዛዙ ደብተር ላይ ተጽፎ በቁራጭ ወረቀት ስለሚገለበጥ ‹ቅዳሜ› የተባለው የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን ለልጇ ልደት ኬክ ልትወስድ የመጣች እናት ባዶ እጇን ልትመለስ ስትል ባለቤቷ የሌላ ሰው ኬክ በነፃ ሰጡ። የካቲት ላይ የትእዛዝ መመዝገቢያችንን አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ አላመጡም፤ ደብተሩ አብሮ ይሠራ ነበርና። ከፋሲካ በፊት ባለቤቷ ደብተሩን ቆለፉት፤ ካሸሯም ቀኑን ከነቁጥሩ ለደንበኛው መልሳ ማንበብ ጀመረች። ግንቦት ላይ፣ ሥራው እንደ ጥር በበዛበት ወር፣ ስህተቱ ከ100 ወደ 3 ወርዷል።»

ድርጅቱ ሲያነበው «ስህተት በ66 በመቶ ቀነሰ» ብለን ርዕስ እናድርገው ማለቱ አይቀርም። ሒሳቡ ከዘጠኝ ወደ ሦስት ስለሆነ ሐሰት አይደለም፤ ግን ከሥሩ ያለው አሥራ አንድና አራት ስህተት፣ ያውም የአንድ ሱቅ ነው። ሁለት ኬክ ብቻ ቢጨምር በመቶው ብዙ ይወዛወዛል። ከ100 9 የነበረው 3 ሆነ ማለት ግን ቁጥሩን በልኩ ያስቀምጠዋል፤ አንባቢውም የራሱን ሱቅ በዚያው መጠን ማሰብ ይችላል። ማስታወቂያን በተመለከተ የወጣው አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክልም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የደንበኛ ታሪክ ለመሸጫ እስከዋለ ድረስ ጸሐፊው እንደ ማስታወቂያ አድርጎ ቢጠነቀቅለት ይሻላል።

ረቂቁ ወደ ባለቤቷ በቴሌግራም ይላካል፤ ማንበብ ካልተመቻቸው በስልክ ይነበብላቸዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንበኞች የሚሉት ይመሳሰላል። ጠቅላላ የትእዛዝ ብዛት እንዳይወጣ ይላሉ፤ እዚህ ከመቶ ስለተነገረ የለም። ካሸሯ ልትታወቅ ትችላለች ብለው ይሠጋሉ፤ ይህ ተገቢ ሥጋት ነው፤ ደብተሩን የያዘችው እሷ ናትና። ስሟ የለም፤ ስህተቱም የመገልበጡ አሠራር ሆኖ እንጂ የእሷ ሆኖ አልተጻፈም። ያኔ ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ፤ ጸሐፊውም «እሺ፣ ይውጣ» ያሉበትን መልእክት ከነቀኑ ያስቀምጣል። ችግሩን የሚናገረው ክፍል ይውጣ ካሉ ግን ድርድሩ ይከብዳል። ችግሩ ሲወጣ ውጤቱ የሚለካበት መነሻ ይጠፋል፤ የሚቀረው መጀመሪያ ላይ ያየነው ምስጋና ነው። እንዲያ ከሆነ ሌላ ደንበኛ መፈለግ ይሻላል።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። ጥርንና ግንቦትን ማነጻጸር ከሁዳዴው ስህተት ያድናል እንጂ ፍጹም አይደለም፤ ሁለቱ ወሮች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከሁሉ የሚሻለው ንጽጽር ጥርን ከጥር ጋር ነው። ጸሐፊው ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ላይ የካቲት 2018ን ምልክት ያደርጋል፤ ያኔ ደውሎ የጥር 2018 ትእዛዝና ስህተት ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ከ100 ሦስት ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ከቆየ ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። ወደ ሰባት ወይም ስምንት ከተመለሰ ደግሞ ለምን እንደተመለሰ ይጠይቃል፤ ካሸሯ ተቀይራ ይሆን፣ ደብተሩ ከመሳቢያው ወጥቶ ይሆን? ምላሹን ይዞ ታሪኩን ያርመዋል ወይም ያነሳዋል።